የሽልማት ሊንክ ሲደርሳችሁ ላኪውን የማጣሪያ መንገድ፦ በአንዲት የሐዋሳ ተማሪ ስልክ ላይ የታየ

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ለትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ቴሌብር በዓሉን ምክንያት በማድረግ ለተመረጡ ደንበኞቹ የ10,000 ብር ስጦታ አዘጋጅቷል። የእርስዎ ቁጥር ከአሸናፊዎቹ መካከል ይገኛል። ስጦታው የሚሰጠው እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው። ለመቀበል ከታች ያለውን ይጫኑ።» ከሥሩ በሰማያዊ የተጻፈ ሊንክ አለ። ከላይ የሚታወቀው ዓርማ አለ። የመጣው ደግሞ ከማይታወቅ ሰው አይደለም፤ አብራ ከምትማር፣ በአንድ ዶርም ከምታድር ጓደኛ የቴሌግራም አካውንት ነው።

ይህ መልእክት የደረሳት ተማሪ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ስሟን ለመጠበቅ ቤዛ እንበላት። እኔ ከግቢው በር ብዙም በማይርቅ ቦታ ሞባይል እየጠገንሁ የካርድ፣ የጥቅልና የቴሌብር ሥራ እሠራለሁ። ቤዛ ወደ ሱቄ የመጣችው ተጠራጥራ አልነበረም። የኢንተርኔት ጥቅሏ አልቆባት ሊንኩ አልከፈት ስላላት ጥቅል ልታስሞላ ነው የመጣችው። እየሞላሁላት ሳለ፣ «ጋሼ፣ የስጦታ ብር ወደ ቴሌብር እስኪገባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ። «የምን ስጦታ ነው ልጄ?» ስላት ስልኳን አዞረችልኝ። አውራ ጣቷ ሊንኩ ላይ ነበር።

ያን ቀን አብረን ያደረግነውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ሁሉም ነገር እዚያው ስልክ ላይ የሚሠራ ነው፤ ምንም የሚጫን ፕሮግራም አያስፈልገውም።

1. ሊንኩን አትንኩ፤ መልእክቱንም አታጥፉ

ብዙ ሰው ሲጠራጠር መጀመሪያ የሚያደርገው መልእክቱን ማጥፋት ነው። አታጥፉት። ላኪውን ለማጣራት የሚያስፈልገን መረጃ በሙሉ ያለው እዚያው መልእክቱ ላይ ነው። «ይሄ እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ለሌላ ሰውም አታስተላልፉት። ጥያቄያችሁን ሳያነብ ሊንኩን የሚጫን ሰው ይኖራልና። ሰው ማማከር ከፈለጋችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ ፎቶውን ላኩ። በፎቶ ላይ ያለ ሊንክ ቢነካም አይከፈትም።

ለቤዛም መጀመሪያ ያልኋት ይህንኑ ነው። «ጥቅሉ ገብቷል፣ ግን እንዳትጫኚው። ስልኩን እዚህ ባንኮኒው ላይ አስቀምጪውና አብረን እንየው።»

2. መልእክቱን ያደረሰውን ሰው በድምፅ ደውላችሁ ጠይቁት

ቤዛ መጀመሪያ ያለችኝ፣ «የላከችልኝ እኮ ጓደኛዬ ናት፤ እሷ አትዋሽም» የሚል ነው። እውነቷን ነው፣ ጓደኛዋ አትዋሽም። ጥያቄው ግን መልእክቱን የጻፈችው ጓደኛዋ ናት ወይ የሚለው ነው። በቴሌግራም አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ በብዙ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ሊከፈት ይችላል። ሌባ የጓደኛችሁን አካውንት በራሱ ስልክ ከከፈተ፣ የሚጽፈው ሁሉ የሚደርሳችሁ በጓደኛችሁ ስምና ፎቶ፣ ከድሮ ወሬያችሁ ሥር ነው።

ቤዛ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት እዚያው ቴሌግራም ላይ «እውነት ነው ግን?» ብላ ጠይቃ ነበር። ወዲያው፣ «አዎ ውድ ጓደኛዬ፣ እኔ ተቀብያለሁ፣ ጊዜው ሳያልፍ ሞክሪ» የሚል መልስ መጣላት። ይህ መልስ ነው ልቧን ያሳረፈው። መልእክቱን ባመጣው መንገድ ተመልሶ መጠየቅ ግን ማጣራት አይደለም። በዚያ በኩል ያለው ሌባ ከሆነ የሚመልሰውም እሱ ነው።

መልሱን ደግመን ስናነበው ሌላ ነገር ታየን። ወደ ላይ ተመልሰን የቆዩ ወሬዎቻቸውን አየን። ጓደኛዋ «ቤዚ» ነው የምትላት፤ አማርኛዋንም የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል እያሳጠረች ነው። «ውድ ጓደኛዬ» ብላት አታውቅም። የሰው አጻጻፍ እንደ ድምፁ ይለያል፤ ድንገት ሲቀየር ልብ በሉ። ይሁንና አጻጻፉ አልተቀየረም ማለት መልእክቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የቆየውን ወሬ አንብቦ አነጋገሩን የሚኮርጅ ሌባም አለ።

አስተማማኙ መንገድ መደወል ነው። በቴሌግራም ሳይሆን በመደበኛው የስልክ ጥሪ፣ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ። ቤዛ ደወለች። ጓደኛዋ ላይብረሪ ነበረችና ወጥታ መለሰች፦ «ምን ላክሁልሽ? እኔ ዛሬ ለማንም ምንም አልላክሁም!» ስልኳ ላይ ከቤዛ ጋር ያላትን ወሬ ከፍታ እንድታይ ነገርናት። የሽልማቱ መልእክት እሷ ዘንድ የለም። የቤዛ ጥያቄም የለም።

ይህ ለምን ሆነ? ቴሌግራም መልእክትን «ለእኔ ብቻ» ብሎ ማጥፋት ይፈቅዳል። ሌባው ከላከ በኋላ በላኪዋ በኩል ያለውን ብቻ አጥፍቶታል። በተቀባዩ ስልክ ላይ ይቀራል፣ በባለቤቷ ስልክ ላይ ግን አይታይም። ስለዚህ ባለቤቷ አካውንቷ እየተሠራበት መሆኑን በቶሎ አታውቅም። «ስልኬ ላይ እኮ የለም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ እየዋሸ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት፤ አካውንቱ ሌላ ሰው እጅ እንዳለ ዋናው ምልክት ይህ ነው።

3. መልእክቱ መጀመሪያ የወጣበትን ቻናል ክፈቱ

የቤዛ መልእክት ከላይ በትንሽ ጽሑፍ `Forwarded from` ይልና የቻናል ስም ይከተላል። ጓደኛዋ አድራሽ ናት እንጂ ምንጩ ሌላ ነው ማለት ነው። ስሙን ስትነኩት ቻናሉ ይከፈታል። የመልእክቱን ሊንክ መንካትና የቻናሉን ስም መንካት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስሙ የሚወስዳችሁ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ነው። ከመልእክቱ ላይ ግን ሊንኩን በስህተት እንዳትነኩ ቀስ በሉ።

ስሙና ዓርማው ምንም አይነግሩንም። በቴሌግራም ማንም ሰው ቻናሉን የፈለገውን ስም ሊሰጠው፣ የፈለገውን ፎቶ ሊለጥፍበት ይችላል። ስለዚህ ከስሙ አልፈን ሌሎች ነገሮችን አየን።

መጀመሪያ ማረጋገጫውን። ቴሌግራም ያረጋገጠው ቻናል ከስሙ ቀጥሎ ሰማያዊ የራይት ምልክት አለው፤ ምልክቱን የሚሰጠው ቴሌግራም ራሱ ነው። ይህ ቻናልም ራይት ነበረው፣ ግን አረንጓዴ ነው፣ ያውም እንደ ማንኛውም ኢሞጂ ከስሙ ፊደላት ጋር አብሮ የተጻፈ። ልዩነቱን ለማየት ቀላሉ መንገድ የምታውቁትን አንድ የተረጋገጠ ቻናል ከፍቶ ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። አንዳንዴ ብዙ ክስ የቀረበበት አካውንት ስሙ አጠገብ `SCAM` ወይም `FAKE` የሚል ቀይ ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ያ ጽሑፍ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ከሌለ ግን ገና ማንም አልከሰሰውም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ዩዘርኔሙን፣ ማለትም በ`@` የሚጀምረውን መለያ። የቻናል ስም መደጋገም ይችላል፣ ዩዘርኔም ግን በመላው ቴሌግራም አንድ ብቻ ነው። አስመሳይ እውነተኛውን ዩዘርኔም መውሰድ ስለማይችል የሚቀርብ ነገር ይፈልጋል፦ መጨረሻው ላይ ቁጥር ይጨምራል፣ መሀል ላይ የታች ሰረዝ `_` ያስገባል፣ ወይም ፊደል ይለውጣል። ከሁሉም ዓይንን የሚያታልለው ትንሹን `l` በትልቁ `I` መተካት ነው። በብዙ ስልክ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቀጥ ያለ መስመር ሆነው ነው የሚታዩት። የቤዛ ቻናል የተጠቀመው ይህንኑ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ ሦስቱንም ጊዜ ትክክል መሰላት። ዓይን እንደማይበቃ ስላየሁ ሌላ ዘዴ አሳየኋት፦ ዩዘርኔሙን ኮፒ አድርጋ የራሷ `Saved Messages` ውስጥ ለጠፈችውና ያንን አጠራጣሪ ፊደል ብቻ አጥፍታ ከኪቦርዷ ትንሹን `l` ተካችበት። ከዚያ አዲሱን ነካችው። የተከፈተው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቢሆኑ ኖሮ እዚያው ቻናል ይመልሳት ነበር።

ሦስተኛው ነገር የቻናሉ ታሪክ ነው፤ ሰው ብዙም የማያየው እሱን ነው። ጣታችሁን እየጎተታችሁ ወደ ላይ፣ ወደ መጀመሪያዎቹ መልእክቶች ሂዱ። ቻናሉ የተከፈተበት ቀን እዚያ ይገኛል። ስሙ ሲቀየርም «የቻናሉ ስም ወደዚህ ተቀየረ» የሚል ማስታወቂያ በመሀል ይገባል። የቤዛው ቻናል በሺህ የሚቆጠር ተከታይ ነበረው፤ እሷም ያመነችው ይህን አይታ ነው። ወደ ላይ ስንወጣ ግን ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። የእግር ኳስ ውጤት፣ የዝውውር ወሬ፣ የተጫዋቾች ፎቶ ነው። ከዚያ ለብዙ ወራት ዝም ይላል። ከዚያ ስሙ ተቀየረ የሚለው ማስታወቂያ፣ ወዲያው የሽልማት መልእክት። ተከታዮቹ ለኳስ የመጡ ሰዎች ናቸው። የተከታይ ብዛት ቻናሉ የማን እንደሆነ አያሳይም፤ ተከታይ ያለው ቻናል ይሸጣል፣ ይሰረቃልም። የስም ለውጡን ማስታወቂያ ባለቤቱ ሊያጠፋው ስለሚችል አለመኖሩ ነጻ አያወጣም። የቆዩት መልእክቶች ካሁኑ ስም ጋር ይገጥማሉ ወይ የሚለውን ግን ሁሌም ማየት ይቻላል።

መልእክቱ `Forwarded from` የማይል፣ ከማታውቁት ግለሰብ በቀጥታ የመጣ ከሆነስ? ፕሮፋይሉን ክፈቱ። አዳዲሶቹ የቴሌግራም ቅጂዎች የማታውቁት ሰው ሲጽፍላችሁ ከወሬው አናት ላይ ቁጥሩ የየት አገር እንደሆነ፣ አካውንቱ መቼ እንደተከፈተና በጋራ ያላችሁ ግሩፕ ካለ ያሳያሉ። የኢትዮጵያ ድርጅት ነኝ የሚል አካውንት ቁጥሩ የሌላ አገር ሆኖ፣ የተከፈተውም በዚሁ ወር ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

4. ሊንኩ የሚወስድበትን አድራሻ ሳትከፍቱት አንብቡ

ሰማያዊው ጽሑፍ የሚለውና ሊንኩ የሚወስድበት ቦታ ሊለያዩ ይችላሉ። እውነተኛውን አድራሻ ለማየት ሊንኩን ጫን ብላችሁ ያዙት፤ ነክታችሁ አትልቀቁት። አድራሻውን የሚያሳይና ኮፒ ለማድረግ የሚያስችል ዝርዝር ይመጣል። በስህተት ብትነኩት እንኳ፣ ከጽሑፍ ጀርባ የተደበቀ ሊንክ ከሆነ ቴሌግራም ከመክፈቱ በፊት እውነተኛውን አድራሻ ጽፎ «ልክፈተው?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ያንን ጥያቄ ሳያነብ `Open` ይለዋል። እዚያ ላይ ቆማችሁ አንብቡና `Cancel` በሉት።

ከቤዛ ስልክ ያገኘነው አድራሻ ይህን ይመስል ነበር። ማንም እንዳይከፍተው መጨረሻውን ሆን ብዬ ለውጬዋለሁ፦

```
https://ethiotelecom.et.beal-gift.example/telebirr/win
```

ቤዛ መጀመሪያ ያየችው `ethiotelecom.et` የሚለውን ነው፤ ከግራ ስለምናነብ። የአድራሻን ባለቤት ለማወቅ ግን ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እንዲህ አድርጉ፦ `https://` የሚለውን እለፉና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ `/` ፈልጉ። ከእሱ በስተቀኝ ያለውን ሁሉ እርሱት፤ ባለቤቱ እዚያ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። አሁን ከዚያ `/` ተነስታችሁ ወደ ግራ ሁለት ቃል አንብቡ። እዚህ `beal-gift.example` ይላል። ባለቤቱ እሱ ነው። ከእሱ በስተግራ ያለው `ethiotelecom.et` ባለቤቱ ራሱ የለጠፈው ጌጥ ነው። ነገሩ እንደ ሰው ስም ነው፤ አንድ ሰው ልጁን የፈለገውን ስም ሊያወጣለት ይችላል፣ የልጁን አባት የሚነግረን ግን ቀጥሎ ያለው ስም ነው።

የእውነተኛው የኢትዮ ቴሌኮም ድረ ገጽ ከሆነ ከመጀመሪያው `/` በፊት ያለው የመጨረሻ ነገር `ethiotelecom.et` መሆን አለበት። በነጥብ ሳይሆን በሰረዝ የተያያዘ ከሆነም ተጠንቀቁ፦ `ethiotelecom-et` ሌላ ማንም የሚገዛው ስም ነው። አንዳንድ አድራሻ ደግሞ `com.et` ወይም `edu.et` ብሎ ያልቃል፤ እዚያ ላይ ሁለት ሳይሆን ሦስት ቃል ወደ ግራ አንብቡ። መጀመሪያ ላይ ያለው `https` ወይም የቁልፍ ምልክቱ ገጹ የታማኝ ሰው ነው ማለት አይደለም። በመሀል ሌላ ሰው አያነበውም ማለት ብቻ ነው፤ ሌባም በቀላሉ ያገኘዋል።

በማሳጠሪያ የተሠራ አጭር ሊንክ ከሆነ ይህ ንባብ አይሠራም፤ እውነተኛው አድራሻ ተደብቋል። ያኔ አድራሻውን ለመፍታት አትድከሙ፤ ቀጥታ ወደሚቀጥለው እለፉ።

5. ሊንኩን ትታችሁ በራሳችሁ መንገድ ሂዱ

እስካሁን ያደረግነው ሁሉ ውሸቱን ይይዛል እንጂ እውነቱን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ይህ ነው። ስጦታ ተሰጠ የተባለበትን ቦታ መልእክቱ ባመጣላችሁ መንገድ ሳይሆን ራሳችሁ በምታውቁት መንገድ ክፈቱ። ለቴሌብር ስልካችሁ ላይ ያለውን የቴሌብር መተግበሪያ ክፈቱ ወይም `*127#` ደውሉ። ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ። መልእክቱ የባንክ ከሆነ የባንኩን የጥሪ ማዕከል ደውሉ፤ ለንግድ ባንክ 951 ነው። ለሳፋሪኮምና ለኤም ፔሳ 700 ነው። ቁጥሩን ከራሱ ከመልእክቱ ላይ አትውሰዱ። ቻናሉን መከታተል ከፈለጋችሁም በቴሌግራም መፈለጊያ ስሙን ጽፋችሁ ሳይሆን ከድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ካለው ማገናኛ ግቡ።

ቤዛ መተግበሪያዋን ከፈተች። ምንም የስጦታ ማስታወቂያ የለም። የገባ ብርም የለም። 994 ደወለች፤ ትንሽ ጠብቃ ያነሳችው ሠራተኛ እንዲህ ያለ ስጦታ እንደሌለ ነገረቻት። «ቢኖርስ ኖሮ?» አለችኝ ስልኩን ከዘጋች በኋላ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቢኖር ኖሮ ብሩን ለማስገባት የሚያስፈልገው ቁጥሯ ብቻ ነበር፤ ቁጥሯን ደግሞ ድርጅቱ አስቀድሞ ያውቀዋል። ብር ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም። ሰው ብር ሲልክላችሁ የሚስጥር ቁጥር የሚያስገባው ላኪው ነው። ስለዚህ «ስጦታውን ለመቀበል የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ» የሚል ገጽ፣ ላኪው ማንም ቢሆን፣ አድራሻው ምንም ቢመስል፣ የሚጠይቃችሁ የመክፈያ ቁልፋችሁን ነው።

በአጭር ጽሑፍ መልእክት ሲመጣ

ይኸው ሽልማት በኤስኤምኤስ ሲመጣ የምናየው ነገር ያንሳል። ከቴሌብር የሚመጣ መልእክት ላኪው 127 ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር መጥቶ «ከቴሌብር» የሚል መልእክት ከሆነ የቴሌብር አይደለም፤ ጽሑፉ ምንም ያህል ቢመሳሰል። እዚህ ላይ ግን አንድ ድክመት አለ። በኤስኤምኤስ የላኪን ስም ማስመሰል በቴክኒክ ይቻላል፤ ሲሆንም ሐሰተኛው መልእክት ከእውነተኞቹ ጋር በአንድ መስመር ውስጥ ይገባል፣ ስልኩ የሚለየው በስም ብቻ ስለሆነ። ስለዚህ ተራ ቁጥር ውሸት መሆኑን ይነግረናል፣ ትክክለኛ ስም ግን እውነት መሆኑን አይነግረንም። ብር ገባ የሚል መልእክት ሲመጣ መልእክቱን ትታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ፤ ሊንክ ሲኖረው ደግሞ ከላይ እንዳልሁት በራሳችሁ መንገድ ሂዱ።

ሊንኩን አስቀድማችሁ ከጫናችሁ

የቤዛ ጓደኛ ከላይብረሪ ወደ ሱቁ መጣች፤ ፊቷ ልክ አልነበረም። ታሪኩ ቀስ እያለ ወጣ። ትናንት ማታ ይኸው መልእክት ከሌላ ሰው ደርሷት ሊንኩን ከፍታዋለች። ገጹ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፣ አስገባች። ቀጥሎ «የማረጋገጫ ኮድ ተልኮልዎታል» አላት። እውነትም ኮድ ደረሳት፣ ግን የመጣው `Telegram` ከሚለው የራሱ የቴሌግራም ወሬ ውስጥ ነው። የሽልማቱ መስሏት አስገባችው። ገጹ «ቆይተው ይሞክሩ» ብሎ ቀረ። ያ ኮድ የሽልማት ሳይሆን የአካውንቷ መግቢያ ነበር፤ ሌባው በራሱ ስልክ በእሷ ቁጥር ለመግባት ሲሞክር ቴሌግራም የላከላት ነው። ኮዱ በመጣበት መልእክት ላይ ለማንም እንዳትሰጡ የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮ አለ፤ ተጣድፋ ቁጥሩን ብቻ ነው ያየችው።

እዚህ ጊዜ ዋጋ አለው። በቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ሌሎቹን ስልኮች ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ አንድ ቀን፣ 24 ሰዓት ያህል ይከለክለዋል። የቆየው የባለቤቷ ስልክ ግን አዲሱን ማስወጣት ይችላል። ገና 24 ሰዓት አልሞላምና ወዲያው ጀመርን።

ከቴሌግራም `Settings` ገብታ `Devices` የሚለውን ከፈተች። ሁለት ስልክ ተዘርዝሯል። አንዱ የእሷ ነው፣ ሌላው አይታው የማታውቀው ሞዴል፣ ትናንት ማታ የገባ። `Terminate All Other Sessions` የሚለውን ተጫነች፤ ከእሷ ስልክ በቀር ያለው ሁሉ ወጣ። ቀጥሎ `Privacy and Security` ውስጥ `Two-Step Verification` ገብታ የይለፍ ቃል አወጣችና የራሷን ኢሜይል አስመዘገበች። ከአሁን በኋላ ኮዱን ያገኘ ሰው ይህን የይለፍ ቃል ካላወቀ አይገባም። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ሌባውን ማስወጣት፣ ከዚያ በሩን መቆለፍ።

በዚህ መሀል ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው ደንግጦ ቴሌግራምን ከስልክ ማጥፋት ወይም ከአካውንት መውጣት ነው። አትውጡ። ሌባውን የምታስወጡት የቆየው ስልካችሁ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ነው። ሌባው ቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል አውጥቶበት ከሆነ ደግሞ፣ ከወጣችሁ በኋላ ተመልሶ ለመግባት ያንን ትጠየቃላችሁ፤ 7 ቀን ጠብቆ እሱን ማስለወጥ የሚቻለው አካውንቱ ውስጥ ለቆየ ሰው ነው። ሁለተኛው ስህተት ሲም ካርድ መቀየር ነው። ሌባው ያለው አካውንቱ ውስጥ ስለሆነ ሲም መቀየር አያስወጣውም።

የቴሌብርን የሚስጥር ቁጥር አስገብታችሁ ከሆነ ከቴሌግራሙ በፊት ቴሌብሩን ያዙ። ቁጥሩን በመተግበሪያው ወይም በ`*127#` ወዲያው ቀይሩ፤ አልቀየር ካለ ወይም ብር ከወጣ 994 ደውላችሁ አካውንቱ እንዲታገድ ጠይቁ፣ የወጣበትን ሰዓትና የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። ገጹ ፋይል አውርዶባችሁ ከሆነ፣ በተለይ ስሙ በ`.apk` የሚያልቅ ከሆነ፣ አትክፈቱት፤ ከወረዱት ፋይሎች ውስጥ ፈልጋችሁ አጥፉት። ከተጫነ ግን ስልኩን ከኢንተርኔት አላቅቁና መተግበሪያውን አስወግዱ። የሚስጥር ቁጥሮቻችሁን የምትቀይሩት ከሌላ ስልክ ይሁን፣ በተበከለው ስልክ የምትጽፉት ሊታይ ይችላልና። ሊንኩን ከፍታችሁ ምንም ሳትጽፉና ሳታወርዱ ዘግታችሁ ከወጣችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልወሰዱባችሁም።

የቀረው ለሌሎች መንገር ነበር። ሌባው ከጓደኛዋ አካውንት ለማን ለማን እንደላከ ስልኳ ላይ ስለማይታይ አንድ በአንድ መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ በክፍላቸው ግሩፕ፣ በዶርማቸው ግሩፕና ለቤተሰብ አንድ ጽሑፍ ላከች። ሊንኩን አላስገባችበትም፦

«ከትናንት ማታ ጀምሮ በእኔ ስም የቴሌብር ሽልማት የሚል መልእክት የደረሳችሁ፣ እኔ አይደለሁም፣ አካውንቴ ተይዞ ነበር። እንዳትጫኑት። ተጭናችሁ ኮድ ያስገባችሁ ካላችሁ `Settings` ገብታችሁ `Devices` ውስጥ የማታውቁትን ስልክ አሁኑኑ አስወጡ። ያልገባው ይደውልልኝ።»

ቤዛ በበኩሏ ቻናሉን ከፍታ፣ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታ `Report` አለችው፤ ምክንያቱን ማጭበርበር ብላ መረጠች። ያን ቀን ከመምሸቱ በፊት ከክፍላቸው ሁለት ልጆች ስልካቸውን ይዘው ወደ ሱቁ መጡ። በሁለቱም `Devices` ውስጥ ያ የማይታወቅ ሞዴል ነበር።